«ኦሞ በ4 ቀን» የሚል ፓኬጅ ካያችሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ሰዓቱን ደምሩ

በየበዓሉ ሰሞን ቴሌግራም ላይ የሚዞር አንድ የጉዞ ማስታወቂያ አለ። ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ይላል፣ ዝርዝሩ ደግሞ አፍ ያስከፍታል፦ አርባ ምንጭ፣ ጫሞ፣ ዶርዜ፣ ኮንሶ፣ ጂንካ፣ ሙርሲ፣ ቀይ አፈር፣ ቱርሚ። ሁሉም በ3 ሌሊትና 4 ቀን፣ ከአዲስ አበባ በመኪና ደርሶ መልስ።

የአጎቴ ልጆች ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው አንድ ሃይሩፍ ሙሉ ሰው ይህን ፓኬጅ ገዝተው ሄዱ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጠራው ነበር፤ ግን ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚሸጡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ፕሮግራሙን እንየው። ወረቀቱን ተቀብዬ ቀን በቀን አስልቼዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። በደቡብ መስመር ላይ ኪሎ ሜትሩን በ80 አታካፍሉ፤ በ50 አካፍሉት። አስፋልቱ ብዙ ቦታ ጥሩ ነው። ነገር ግን መንገዱ በከተሞች መሃል ያልፋል፣ ባጃጅ አለ፣ የገበያ ቀን ሕዝብ አለ፣ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፣ ከብት ደግሞ መንገዱን የራሱ አድርጎታል። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ይህን ሁሉ አያውቅም። በሰዓት 50 ስትሉ ምሳና ሽንት ቤት ገና አልገቡበትም። ሌላው ገደብ ፀሐይ ናት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ብቻ ነው የመንጃ ሰዓታችሁ። ከዚያ በኋላ የኋላ መብራት የሌለው ጭነት መኪና፣ ጨለማ ውስጥ የሚሄድ እግረኛና መንገድ ላይ የተኛ ከብት ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አንደኛ ቀን፣ ሐሙስ፦ «አዲስ አበባ – አርባ ምንጭ፤ ከሰዓት በጫሞ ሐይቅ የጀልባ ሽርሽር»። አርባ ምንጭ በቡታጅራና በሆሳዕና ሲሄዱ ወደ 450 ኪሎ ሜትር፣ በሻሸመኔ ሲሄዱ ደግሞ ወደ 500 ነው። በቀረበው መንገድ እንኳን 9 ሰዓት መንዳት ነው። ምሳና ሁለት አጭር እረፍት ስትጨምሩበት 11 ይሆናል። ከአዲስ አበባ ንጋት ላይ ብትነሱ አርባ ምንጭ የምትደርሱት ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ነው። እነሱ ደግሞ አንዱን እየጠበቁ፣ ሌላውን ከሰፈሩ እየለቀሙ ከከተማ የወጡት 2 ሰዓት ላይ ነው። የገቡት በጨለማ። ጀልባው «ለነገ ተላለፈ» ተባለ።

ነገ ግን ቦታ የለውም። ሁለተኛው ቀን ላይ ዶርዜ፣ ኮንሶና ጂንካ ተጽፈዋል። ዶርዜ ወደ ጨንቻ የሚወጣው ተራራ ላይ ነው። ጥምዝምዙን ወጥቶ፣ የቀርከሃውን ቤት አይቶ፣ ሸማ ሲሠራ ተመልክቶ፣ ቆጮ ቀምሶ ለመመለስ 4 ሰዓት ያስፈልጋል። የኮንሶን እርከንና አንድ መንደር በእግር ለማየት፣ የመንደሩን ክፍያና አስጎብኚ ጨምሮ፣ 2 ሰዓት። ከአርባ ምንጭ በኮንሶ በኩል ጂንካ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሌላ 5 ሰዓት። ምሳ ሳይበላ 11 ሰዓት ሞላ። የተላለፈው ጀልባ ከትኬቱና ከመጠበቁ ጋር 3 ሰዓት ሲጨመርበት ቀኑ ያልቃል፤ መንገዱ ግን አያልቅም። አንዱ መውጣት አለበት። ጀልባው ቀረ። ኮንሶን ያዩት ደግሞ ከመንገድ ዳር፣ መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ለፎቶ ብቻ። ኮንሶ እኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቦታ ነው። ለዚህ ነበር የከፈሉት።

ሦስተኛው ቀን ላይ ያለው ስህተት በጣም አናደደኝ። «ሙርሲ፤ ከዚያ የቀይ አፈር ገበያ፤ አዳር ቱርሚ» ይላል። ጉዞው ሐሙስ ተጀመረ ብያለሁ፤ ስለዚህ ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነው። የቀይ አፈር ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው። በናና ሐመሮች የሚመጡበት፣ ሰው ፎቶ አይቶ የሚጓጓለት ገበያ ማለት ነው። ቅዳሜ ስትደርሱ ባዶ ሜዳ ነው የምታገኙት። የሚገርመው፣ ቅዳሜ ዲመካ ላይ ገበያ አለ፣ እሱም በዚያው በቱርሚ መንገድ ላይ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው አካባቢውን የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ አንዷን ቃል ለውጦ ገበያ ያሳያቸው ነበር። ቱርሚ ደግሞ ገበያዋ ሰኞ ነው። አንድን ሻጭ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም፦ «የቀይ አፈር ገበያ በምን ቀን ነው?» በሉት። ካቅማማ ፕሮግራሙን ከሌላ ቦታ ገልብጦታል።

የሙርሲ መንደሮች ደግሞ ከጂንካ ወርዶ ማጎ ፓርክን አልፎ ነው የሚገኙት። ጠጠርና አፈር መንገድ ነው። ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ መሄድም ያለበት በጠዋት ነው። ዝናብ ካለ ሃይሩፍ አይገባም፤ ላንድክሩዘር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ይሳሳታል። ለእኛ ዝናብ ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በዚያ ቆላ ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል። ፋሲካ የሚውለው መሃሉ ላይ ነው። ፓኬጁ የተሸጠው ለፋሲካ ሰሞን ነበር፣ በሃይሩፍ። ጂንካ ሲደርሱ «ሙርሲ ለመግባት ሌላ መኪና መከራየት አለባችሁ፣ እሱ በዋጋው ውስጥ የለም» ተባሉ።

አራተኛው ቀን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ቁርስ፤ ወደ አዲስ አበባ መመለስ»። ከቱርሚ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ50 ስታካፍሉት 14 ሰዓት መንዳት ማለት ነው፣ በአንድ ሹፌር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲነዳ ከርሞ። ሹፌሩ ገና ሳይነጋ አስነሳቸው። ወላይታ ሶዶ ሲደርሱ መሽቶ ነበር፣ ሰውየው ደግሞ ዓይኑ ቀልቷል። እዚያው እናድራለን አሉ፤ ልክ ነበሩ። ታዲያ ድርጅቱ ምን አለ? «ፕሮግራሙን የቀየራችሁት እናንተ ናችሁ።» የአንድ ቀን የመኪና ኪራይ፣ የሹፌር አበልና አልጋ ተጨምሮ ተጠየቀ። ፓኬጁ ከሌሎቹ ርካሽ የመሰለው ለዚህ ነው። አምስተኛው ቀን ከመጀመሪያውም ነበረ፤ ዋጋው ላይ ብቻ አልተጻፈም።

ያው 4 ወይም 5 ቀን ላለው ሰው ምን ይሻላል? እኔ የምይዘው ልክ ይህ ነው፦ በቀን ከ5 እስከ 6 ሰዓት መንዳት፣ ማለትም ቢበዛ 300 ኪሎ ሜትር፤ አንድ ዋና ማቆሚያና አንድ ቀላል ማቆሚያ፤ አልጋ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት። በዚህ ልክ ኦሞ 5 ቀን ውስጥ አይገባም። አርባ ምንጭ ግን ተመቻችቶ ይገባል።

በመጀመሪያው ቀን በቡታጅራ መንገድ ውጡ። 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጢያ አለች፤ ትክል ድንጋዮቹን ለማየት አንድ ሰዓት ይበቃል። ሆሳዕና ምሳ ብሉ፣ ሶዶ እደሩ። ድምሩ 330 አካባቢ ነው፣ ከልኬ ትንሽ ይበልጣል፤ ግን በጠዋት ከወጣችሁና ሌላ ማቆሚያ ካልጨመራችሁ ይቻላል። ማግስቱ ሶዶ – አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አባያ ሐይቅ በግራ በኩል ይከተላችኋል፤ ውሃው ቀላ ያለ ነው፣ ከወንዞቹ በሚገባው ደለል የተነሳ። ከምሳ በፊት ትገባላችሁ። ከሰዓት ምንም አታድርጉ ማለት ይቻላል፤ ከላይ ሆናችሁ ሁለቱን ሐይቆችና በመሃላቸው ያለውን «የእግዜር ድልድይ» እያያችሁ ዓሣ ብሉ።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫሞ። በጠዋት የምለው በምክንያት ነው፤ ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ትንሽ ጀልባ ላይ ደስ አይልም። አዞዎቹም በጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ ዳር ላይ ይወጣሉ። ምሳ በልታችሁ ዶርዜ ውጡ። አርባ ምንጭ በሙቀት በላብ ስትጠመቁ የነበራችሁት ሰዎች እዚያ ላይ ጃኬት ትፈልጋላችሁ፣ ያዙ። አራተኛው ቀን በሶዶና በሻሸመኔ ሐዋሳ፣ 275 አካባቢ። አምስተኛው ቀን ጠዋት አሞራ ገደል የዓሣ ገበያውን አይታችሁ ወደ አዲስ አበባ፤ እሱም 275 ገደማ ነው። ኮንሶን ከፈለጋችሁ አርባ ምንጭ ላይ አንድ ሌሊት ጨምሩ፤ 90 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሆናል።

ኦሞን ካላየሁ የሚል ሰው በዚሁ ልክ 9 ወይም 10 ቀን ይመድብ። ካልሆነ ጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ በአውሮፕላን ገብቶ መኪና እዚያው መያዝ ይቻላል። የቲኬቱ ዋጋ ቢመርም ከመንገዱ የሚተርፈውን ቀን ስታስቡት ያን ያህል አይርቅም። የየትኛውም መስመር የፀጥታ ሁኔታ ደግሞ በዚያው ሳምንት ደርሶ ከመጣ ሹፌር ይጠየቅ እንጂ ከማስታወቂያ አይወሰድ።

ለማንኛውም ድርጅት ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ቀን የመነሻ ሰዓት፣ የመድረሻ ሰዓትና ኪሎ ሜትር በጽሑፍ ጠይቁ። ነዳጅ፣ የሹፌር አበልና አልጋ፣ የፓርክ መግቢያ፣ ጀልባ፣ የአካባቢ አስጎብኚ፣ የመንደር ክፍያ፤ የትኛው ዋጋው ውስጥ እንዳለ አንድ በአንድ ይጻፍላችሁ። መኪናው ምን ዓይነት እንደሆነም። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር አድርጉ፦ «ጉዞው በፕሮግራሙ ርዝመት ምክንያት በተባለው ቀን ካልተጠናቀቀ፣ የተጨማሪው ቀን ወጪ የድርጅቱ ነው።» የአጎቴ ልጆች ተመልሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ለዚያው ድርጅት ልከው፣ ለሚቀጥለው ዙር ትፈርማላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። መልእክቱ ታይቷል፤ መልስ የለም።