በግል ስም መነገድ ወይስ ኃ/የተ/የግ/ማ? ግብር፣ የዕዳ ኃላፊነትና የሒሳብ አያያዝ ሲነጻጸሩ

አዲስ አበባ ውስጥ የአሉሚኒየምና የመስታወት በርና መስኮት የሚሠራ ባለሙያ እንውሰድ። በዓመት ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ ይሸጣል፤ ወጪው ተቀንሶም ግብር የሚከፈልበት 1,000,000 ብር ትርፍ አለው። እስካሁን የሠራው በግል ንግድ ፈቃዱ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲቋቋም ስለፈቀደ፣ ማኅበር ለመመሥረት ሸሪክ መፈለግ አይጠበቅበትም። መቀየር ይጠቅመዋል ወይ?

በግብሩ እንጀምር። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት የግለሰብ ነጋዴ ትርፍ በእርከን ይሰላል፤ በዓመት እስከ 24,000 ብር ያለው ነጻ ነው፣ ከ168,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ባለሙያችን በዚህ ስሌት 325,400 ብር ይከፍላል። ማኅበር ቢሆን ግን እርከን የለም፤ ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ 30 በመቶ፣ ማለትም 300,000 ብር ይሆናል። ሁለቱ ስሌቶች እኩል የሚሆኑት ትርፉ 492,000 ብር ሲደርስ ነው። ስለዚህ በዚህ ስሌት ብቻ ከሄድን፣ ከዚያ በታች የሚያተርፍ ሰው ለግብር ሲል ማኅበር ቢያቋቁም ይጎዳል።

ከዚያ በላይ የሚያተርፈውም ቢሆን ልዩነቱን ተመልክቶ መቸኮል የለበትም፤ ቀሪው 700,000 ብር ገና የማኅበሩ እንጂ የእሱ አይደለም። ወደ ኪሱ ሲያስገባው የትርፍ ድርሻ ግብር ይከተላል። በ2008ቱ አዋጅ በተደነገገው 10 በመቶ ብቻ ብናሰላው እንኳ 70,000 ብር ተጨምሮ ጠቅላላው 370,000 ብር ይደርሳል፤ ይህም በግል ስም ከሚከፍለው ይበልጣል። ትርፉን ሳያከፋፍል ዝም ብሎ ማስቀመጥም መውጫ አይሆንም፤ ላልተከፋፈለና መልሶ ሥራ ላይ ላልዋለ ትርፍ ሕጉ ለብቻው ግብር ይጥላል።

ስሌቱን የሚለውጠው ደመወዝ ነው። ግለሰብ ነጋዴ ለራሱ ደመወዝ ከፍሎ በወጪነት መያዝ አይችልም፤ ማኅበር ግን ለሥራ አስኪያጁ የሚከፍለው ደመወዝ ወጪ ነው። ባለሙያችን በወር 20,000 ብር ቢከፈለው፣ የጡረታ መዋጮውን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው፣ በዓመት 59,400 ብር የደመወዝ ግብር ይቆረጥበታል፤ ማኅበሩ ደግሞ በቀሪው 760,000 ብር ላይ 228,000 ብር ይከፍላል። ድምሩ 287,400 ብር ነው። ቀሪው ትርፍ ለመቁረጫ ማሽንና ለአሉሚኒየም ፕሮፋይል መግዣ ከዋለ በእርግጥም ተጠቅሟል። ለቤት ወጪ ከወጣ ግን፣ በዚያው 10 በመቶ ስሌት ድምሩ ወደ 340,600 ብር ያድግና ጥቅሙ ይጠፋል። በእኔ ግምት በየዓመቱ ትርፉን ጠራርጎ ለቤተሰቡ የሚያወጣ ሰው ማኅበር ለማቋቋም የግብር ምክንያት የለውም።

የዕዳው ጉዳይ ግን ከግብሩ ይከብዳል፤ ብዙ ሰው የሚያስበው ግብሩን ብቻ መሆኑም ያሳስበኛል። ባለሙያው ለአንድ ሕንፃ ሥራ የ3 ሚሊዮን ብር ዕቃ በዱቤ ወስዶ ገጠመ፤ ተቋራጩ ግን ሳይከፍለው ቀረ እንበል። በግል ስሙ ከሆነ የዕቃው አቅራቢ ከሱቁ አልፎ በመኖሪያ ቤቱ፣ በመኪናው፣ ዕዳው ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ከተባለም በትዳር የጋራ ንብረቱ ላይ ሊመጣ ይችላል። ማኅበር ከሆነ ተጠያቂው በመሠረቱ የማኅበሩ ንብረት ነው። ይህ ከለላ ግን ባንክ ዘንድ ብዙም አይሠራም፤ ባንኩ ለማኅበሩ ብድር የሚሰጠው ቤቱን በመያዣ ወይም እሱን በግል ዋስትና ይዞ ከሆነ፣ ቤቱ እንደ ድሮው ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ከባንክ ብድር ውጭ ዕዳ የሌለበት ሰው የሚያገኘው ጥበቃ ትንሽ ነው፤ ዱቤ የሚወስድ፣ ሠራተኛ ፎቅ ላይ የሚያሰማራ ወይም በውል ቅጣት የሚሠራ ሰው ግን ብዙ ይጠበቃል።

ከለላው ጸንቶ የሚቆመውም በሒሳብ መዝገብ ነው። ብቸኛው አባል የራሱንና የማኅበሩን ገንዘብ ከቀላቀለ፣ ፍርድ ቤት ከለላውን ገፎ በግሉ ተጠያቂ ሊያደርገው ይችላል። መቀላቀሉ የሚታወቀው በቀላሉ ነው፦ ደንበኛ ክፍያውን በግል የባንክ ሒሳቡ ሲያስገባ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከማኅበሩ ሒሳብ ሲወጣና ደመወዙ በወር የመክፈያ ዝርዝር ሳይሰፍር ሲቀር። ግለሰብ ነጋዴም ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር ከደረሰ ደረጃ ሀ ነውና ሙሉ መዝገብ ይይዛል፤ ማኅበር ግን ሽያጩ የቱንም ያህል ዝቅ ቢል ደረጃ ሀ ነው። ሁለቱም የዓመቱን ግብር የሚያሳውቁት የሒሳብ ዓመቱ ባበቃ በ4 ወር ውስጥ ነው። በማኅበሩ ላይ የሚጨመረው የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ወርኃዊ ማስታወቂያ፣ የትርፍ ክፍፍል ውሳኔ በጽሑፍ መያዝና ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ክፍያ ነው።

ለዚህ ባለሙያ እኔ የምመክረው፣ ትርፉን መልሶ ወርክሾፑ ላይ ለማዋል ካሰበ ወይም ቀጣዩ ሥራው በዱቤ የሚወሰድ ትልቅ ዕቃ ካለው፣ ማኅበሩን ውሉን ከመፈረሙ በፊት እንዲያቋቁም ነው። በግል ስሙ የተፈረመ ውልና የተወሰደ ዱቤ ማኅበሩ በኋላ ስለተቋቋመ ብቻ ከእሱ ላይ አይወርድም።