የሳሎናችንን ወለል ላዳነልን ባለሙያ ምስጋና

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ የሆነ ነገር ጓ! አለ። ሮጠን ስንገባ መሃል ላይ ያሉት 4 ሴራሚኮች እርስ በርስ ተገፋፍተው እንደ ድንኳን ቆመዋል። ቤቱ ከተሠራ ገና 3 ዓመቱ ነበር።

መጀመሪያ ያየልን ሰው «ሴራሚኩ ጥራት የለውም፣ ሌላ ግዙ» ብሎን ሄደ። ዛሬ የማመሰግነው ባለሙያ ግን ከሁሉ በፊት የተነሳውን ሴራሚክ ገልብጦ ጀርባውን አየ። ከካርቶን እንደወጣ ንጹህ ነው። ሲሚንቶው በሙሉ ወለሉ ላይ ቀርቷል።

ነገሩን በደንብ አስረዳን። የኛ 60 በ60 ፖርስሊን ነው። ተራ ሴራሚክ ጀርባው ውሃ ስለሚመጥ ሲሚንቶው ገብቶ ይይዘዋል። ፖርስሊን ግን ውሃ የማይመጥ ያህል ነው፤ አሸዋና ሲሚንቶ ብቻውን አይጨብጠውም። ለእሱ የሚሆነው ኬሚካል ያለበት የሴራሚክ ማጣበቂያ ነው።

ዞኮሎውን ሲነቅል ደግሞ ሴራሚኩ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አገኘው። ወለል በሙቀት ትንሽ ይለጠጣል። ዳር ላይ መተንፈሻ ካጣ፣ ካልተያዘበት ቦታ ብድግ ይላል። የቀረውን በሳንቲም እያንኳኳ ፈተሸው። ባዶ ድምፅ የሰጠውን ሁሉ አነሳ፤ ከ20 ካሬው ከግማሽ በላይ ነበር። አሮጌውን ሲሚንቶ ፈልፍሎ አወጣ። አንደኛው ጥግ ወደ 4 ሳንቲሜትር ዝቅ ያለ ስለነበር እዚያ አሸዋና ሲሚንቶ ተጠቅሞ በውሃ ልክ አስተካከለው። ማጣበቂያ ቀጭን ሆኖ ለመያዝ እንጂ ጉድጓድ ለመሙላት አይደለም አለን። ከዚያ ሊሾው እስኪደርቅ 4 ሳምንት አስጠበቀን። እውነቱን ለመናገር ያኔ ተናድጄበት ነበር።

ሲያነጥፍ አቧራውን ጠርጎ፣ ማጣበቂያውን 10 ሚሊሜትር ጥርስ ባለው ብረት ወለሉ ላይ አበጠረው። የሴራሚኩንም ጀርባ በስሱ ቀባ። በአንዴ የሚቀባው ለሁለትና ለሦስት ሴራሚክ የሚበቃውን ብቻ ነው፤ ማጣበቂያው ቆይቶ ላዩ ከደረቀ እጅ ላይ አይጣበቅም፣ ሴራሚክም አይይዝም። መሃል መሃል አንዱን ገና እርጥብ እያለ አንስቶ ጀርባው በሙሉ መነካቱን ያሳየን ነበር። በየመገጣጠሚያው 3 ሚሊሜትር፣ በግድግዳው ዙሪያ 1 ሳንቲሜትር ክፍተት ተወ። የዳሩን ዞኮሎው ይሸፍነዋል።

ያልተሰበሩትን ሴራሚኮች አጥቦ መልሶ ስለተጠቀመባቸው የገዛነው ጥቂት ብቻ ነው። ማጣበቂያው ከአሸዋና ሲሚንቶ ይወደዳል፤ ለኛ 25 ኪሎ የሚይዘው ከረጢት 5 ካሬ ያህል ሸፍኗል። ሁለት ጊዜ ከማስነጠፍ ግን በጣም ይረክሳል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ! ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዶልኛል። ወረፋ ስላለው ቀደም ብላችሁ ደውሉለት።