ዋይፋያችንን ላስተካከለልን ወንድም ምስጋና፣ ራውተር ለምትገዙም ጥቆማ

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላላችሁ ወገኖች፤ ቤታችን መጥቶ የኢንተርኔቱን ነገር መላ ያበጀልንን ወንድም በአደባባይ ላመስግነው ብዬ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ባለሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ሦስት ሆነን ነው የምንኖረው። የምንከፍለው ለ300 ሜጋ ነው። ፍጥነቱን በለካን ቁጥር ግን 94 ላይ ድርቅ ይላል። ኩባንያው ጋ ስንደውል «ከኛ በኩል ችግር የለም» ይሉናል። እውነታቸውን ነበር ለካ።

ሊያስተካክልልን የመጣው ልጅ ከዘመድ ያገኘነውን ራውተር ገልብጦ ሞዴሉን አየ፤ AC1200። ስልኩ ላይ ዝርዝሩን ከፈተና ኬብል ስለሚሰካባቸው ፖርቶች የተጻፈውን አሳየን፤ 10/100 Mbps። «ማነቆው ይሄ ነው» አለ። ፖርቱ ከ100 በላይ አያሳልፍም። ከዚያም ላይ ለመላኪያ የሚያዘው ሲቀነስ የሚተርፈው 94 ግድም ነው።

1200ውስ? እሱ የሁለት ሞገዶች ድምር ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ 867፤ ተደምሮ ተጠጋጋና 1200 ተባለ። የኛ ስልኮች ግን በአንድ ጊዜ የሚይዙት አንዱን ሞገድ ብቻ ነው። ያውም ቁጥሩ በወረቀት ላይ ያለ ጣሪያ እንጂ ቤት ውስጥ የሚገኝ ፍጥነት አይደለም።

እኔ ዓይኔን የጣልኩት ስምንት አንቴና እንደ ሸረሪት ያንጨፈረረ ውድ ራውተር ላይ ነበር። «የአንቴናውን ብዛት ተይው፣ 2x2 ወይም 4x4 የሚለውን እይ» አለኝ። ይህ በአንድ ጊዜ ስንት የዳታ ጅረት እንደሚልክና እንደሚቀበል ይናገራል። አብዛኛው ስልክ ራሱ 2x2 ነው። ራውተሩ አራት ቢኖረው ስልኩ ከሁለት በላይ አይቀበልም። ብዙ ሰው ያለበት ቤት ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ ለሦስት ሰው ግን ብር ማባከን ነው።

የመከረን ዋይፋይ 6፣ AX1500፣ 2x2 የሆነና ፖርቶቹ በሙሉ 10/100/1000 Mbps የሆኑ ነው። AX3000 ለምን አይሆንም ብዬ ጠየቅሁት። ያ ቁጥር የሚገኘው ባለ 160 ሜጋኸርዝ ሰፊ ቻናል ሲከፈት ነው፤ ስልኮቻችን የሚጠቀሙት 80 ነው አለ። ስለዚህ ለኛ ልዩነት የለውም።

አዲሱን ሰክተን ስንለካ አሁንም 94! እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሱ ግን ከሞደሙ ወደ ራውተሩ የሚሄደውን ኬብል ነቅሎ ጫፉን ወደ መብራት አነሳው። ከስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች የገቡት አራቱ ብቻ ናቸው። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ከቦርሳው ካት 5ኢ ኬብል አውጥቶ ቀየረውና 300ው መጣ። መኝታ ቤት በር ተዘግቶም ከ200 አይወርድም።

ራውተሩን ራሳችን ነው የገዛነው፤ እሱ የተቀበለው የእጁን ብቻ ነው። የሚገኘው ከሥራ በኋላና ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ስትደውሉለት የራውተራችሁን ሞዴል ከጀርባው አንብባችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።