ፈጣን ምርመራ ወይስ ፒሲአር? የማክሰኞው «ነጻ» ውጤት

እህቴ እሑድ ኮምቦልቻ ሰርግ ተጠርታ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠችው እንግዳ ኮቪድ እንደያዛት በማግስቱ ተሰማ። ማክሰኞ በፈጣኑ ተመርምራ አንድ መስመር ብቻ ወጣ፤ ነጻ። ደሴ ያሉትን እናታችንን ልትጠይቅ ስትነሳ ለምኜ አስቀረኋት። ሐሙስ ጉሮሮዋን ከረከራት፤ ዓርብ ሁለተኛው መስመር ደምቆ ታየ።

ፈጣኑ፦ ወረቀቱ ላይ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት የቫይረሱን ፕሮቲን ይይዛሉ። መስመሩ የሚታየው ግን ፕሮቲኑ ሲበዛ ነው። 15 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ ዋጋውም ይቀልላል።

ፒሲአር፦ የቫይረሱን የዘር ቅንጣት በየዙሩ እጥፍ ያደርጋል፤ በ30 ዙር አንዱ ቢሊዮን ገደማ ይሆናል። ጥቂቱንም ያገኛል፤ ላቦራቶሪና ሰዓታት ግን ይፈልጋል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱ ገና እየተራባ ስለሆነ አፍንጫ ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ፒሲአርም ሊስተው ይችላል፤ ፈጣኑ ደግሞ ከእሱም ይዘገያል።

ምልክት ላለበትና ዛሬውኑ ማወቅ ለሚፈልግ ፈጣኑ ይሻላል፤ ነጻ ካለ ከ48 ሰዓት በኋላ ይደገም። ቤቱ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ላለበት ፒሲአርን እመርጣለሁ። በቅርቡ ታሞ ለዳነ ሰው ግን አይመችም፤ የቫይረሱን ቅሪት ለሳምንታት ሊያገኝ ይችላል።