አዳማ ላይ ቤት ለምትሠሩ፦ የፌራዮ ጥቆማ፣ ከልብ ምስጋና ጋር

የብሎኬት ቤታችንን የቶፕ ታይ ቢምና የአርኪትራቭ ፌሮ ያሰሩልንን ፌራዮ በይፋ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። አርማታ ከተሞላ በኋላ ሥራቸው ለማንም ስለማይታይ፣ ምን እንደሠሩ ልንገራችሁ።

የብሎኬት ግድግዳ ከላይ የመጣበትን ክብደት ይችላል፤ ወደ ጎን ሲገፋ ግን ይከፈታል። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቶናልና ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቶፕ ታይ ቢም ግድግዳዎቹን ዙሪያውን እንደ መቀነት ያስራቸዋል። ይህ እስር አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ማዕዘን ላይ ነው። ብዙ ቦታ የሁለቱ ግድግዳ ፌሮ ቀጥ ብሎ መጥቶ ማዕዘኑ ላይ ይቆማል፤ ግድግዳው ወደ ውጭ ሲሳብ የሚይዘው ብረት የለም።

እሳቸው የውጭውን 12 ሚሊ ፌሮ ማዕዘኑን አዙረው በሌላው ግድግዳ ላይ 60 ሴንቲ አስገቡት፤ ይህም የፌሮው ውፍረት 50 እጥፍ ነው። የውስጡን ፌሮ ግን በውስጥ በኩል አላጠፉትም። እንደዚያ ቢያደርጉት ሲሳብ ቀጥ ልበል እያለ አርማታውን ገፍቶ ያራግፈዋል። ስለዚህ ተሻግሮ እስከ ውጭው ፊት እንዲደርስና እዚያ እንዲታጠፍ አደረጉት። የስታፋዎቹን ጫፍም ወደ መሐል አስገብተው ነው ያጠፉት፤ እንዲሁ ጎን ለጎን የተነባበረ ጫፍ ሲናወጥ ይከፈታልና።

አርኪትራቩ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አዳኑልን። መስኮታችን 1.50 ሜትር ነው፤ አናጢው ካሳ ፎርማውን 1.70 አድርጎ ሠርቶት ነበር። ይህ በየጎኑ 10 ሴንቲ ብቻ ያስቀምጠዋል። ባዶ ብሎኬት ጠርዝ ላይ እንዲህ ትንሽ ቦታ ይዞ ያረፈ አርኪትራቭ ብሎኬቱን ይሰባብራል፤ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚሄደው ስንጥቅም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። አስፈርሰው በየጎኑ 20 ሴንቲ፣ በድምሩ 1.90 አስደረጉት፤ ከሥሩ ያሉትንም ብሎኬቶች በአርማታ አስሞሉ። ዋናው ፌሮ ከታች መሆኑን፣ ከፎርማው 2.5 ሴንቲ መነሳቱንም ራሳቸው አዩ። አርኪትራቭ ሲጫን የሚለጠጠው ሆዱ ነው፤ ፌሮው ወደ ላይ ከወጣ ምንም አይሠራም።

እነዚህ ልኮች ለእኛ ፎቅ ለሌለው፣ መሬት ላይ ለተሠራ ቤት ከፕላኑ የወጡ ናቸው። የጋራዡ በር 3 ሜትር ሲሆን ጊዜ «ይህን ኢንጂነሩ ያስላው» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። እኔ በጣም ያከበርኳቸው እዚህ ላይ ነው።

አርማታ ከመሞላቱ በፊት የየማዕዘኑን ፎቶ አንስቻለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ይጠይቀኝ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ስትደውሉላቸው ስትራክቸራል ፕላናችሁን ያዙ፤ እሱን ሳያዩ ሥራ አይጀምሩም።