ጂ+7 ሕንፃ፦ ፍሬም ብቻ ወይስ ሸር ዎል የተጨመረበት?

አማካሪው በቅድመ ዲዛይን ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ ሁለት አማራጭ ያቀርባል፦ ቢምና ኮለን ብቻ የሆነ ፍሬም፣ ወይም ፍሬሙ ላይ ሸር ዎል፣ ማለትም ከታች እስከ ላይ የሚወጣ የኮንክሪት ግድግዳ፣ የተጨመረበት። አዳማ ላይ የሚሠራ፣ ግራውንዱ ሱቅ፣ ከላይ ቢሮ የሆነ፣ 24 በ15 ሜትር ሕንፃ እንውሰድ።

ወደ ታች በሚወርደው ጭነት ሁለቱ ብዙም አይለያዩም። ሶሌታው ለቢም፣ ቢሙ ለኮለን፣ ኮለኑ ለፉቲንግ ያስረክባል። ኮለኖቹ በ6 በ5 ሜትር ከተደረደሩ መሐል ያለው ኮለን ከየወለሉ 30 ካሬ ይሸከማል። አንዱ ካሬ ሁሉን ጨምሮ 1.1 ቶን ገደማ ቢመዝን፣ ከአንድ ወለል 33 ቶን፣ ጣሪያውን ጨምሮ ከስምንቱ 264 ቶን መሬት ይደርሳል። አፈሩ በካሬ 30 ቶን ከቻለ 3 በ3 ሜትር ፉቲንግ ይበቃል። ባለቤቱ እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ሱቁን ለማስፋት ሲባል ግራውንድ ላይ የተቆረጠ ኮለን አለ ወይ? ካለ ጭነቱ በወፍራም ቢም ዞሮ ነው የሚወርደው፤ ዋጋውም አደጋውም ይጨምራል።

ልዩነቱ የሚወጣው መሬት ሲንቀጠቀጥ ነው። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ፍሬም ብቻ ሲሆን የጎን ጉልበቱን የሚይዙት የቢምና የኮለን መገጣጠሚያዎች ናቸው። ቦታው ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ሱቁም እንደልብ ይከፋፈላል። ግን ሕንፃው ይወዛወዛል። የአገሪቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ዲዛይን ኮድ፣ ኢኤስ ኢኤን 1998፣ ተሰባሪ ግድግዳ ላለው ሕንፃ በመለስተኛ መንቀጥቀጥ አንድ ወለል ከበታቹ አንጻር ከቁመቱ 0.5 በመቶ በላይ እንዳይንሸራተት ይከለክላል፤ ለ3 ሜትር ወለል 15 ሚሊሜትር ማለት ነው። ላይኞቹ ወለሎች በብሎኬት ተከፋፍለው ግራውንዱ መስታወት ብቻ ሲሆን ደግሞ ንቅናቄው ሁሉ ግራውንድ ላይ ይከማቻል፣ የሚሰበሩትም የዚያ ወለል ኮለኖች ናቸው። በተጨማሪም መገጣጠሚያው ውስጥ ስታፋ የሚባለውን የብረት ቀለበት ማስገባት አድካሚ ስለሆነ ሳይት ላይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም።

ሸር ዎል ንቅናቄውን በእጅጉ ይቀንሳል፣ ነገር ግን በርዝመቱ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ ያስፈልጋል። ትልቁ ስህተት የሊፍቱን ጉድጓድ ብቻ ዎል አድርጎ አንድ ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። የክብደቱ ማዕከል 12 ሜትር ላይ ሳለ የጥንካሬው ማዕከል 4 ሜትር ላይ ቢወድቅ፣ በመካከላቸው ያለው 8 ሜትር ሕንፃውን ያጣምመዋል፤ ከሊፍቱ የራቁት የጥግ ኮለኖች ከሁሉ በላይ ይጎዳሉ። መፍትሔው ደረጃውን ወደ ሌላው ጫፍ ወስዶ ግድግዳውን ዎል ማድረግ ነው። ሌላም ወጪ አለ፦ ዎሉ ጉልበቱን ወደ ራሱ ስለሚስብ ሊገለበጥ ይሞክራል። ፉቲንጉ ይሰፋል፣ አንዳንዴም ከጎረቤት ኮለኖች ፉቲንግ ጋር ይያያዛል።

ለዚህ ሕንፃ እኔ ሁለት ጫፍ ላይ ዎል ያለውን እመርጣለሁ። ጂ+2 ወይም ጂ+3፣ ቅርጹም ቀጥ ያለ ቢሆን ግን በደንብ የታሰረ ፍሬም ይበቃ ነበር። ከመፈረም በፊት ሪፖርቱ የየወለሉን መንሸራተት በሚሊሜትር፣ የሁለቱን ማዕከላት ርቀት ደግሞ በሜትር ማሳየቱን ይመልከቱ።