ቢልቦርድ ልታሰሩ ያሰባችሁ የድሬ ነጋዴዎች፦ በካሬ ለክተው ቃል የሚሞሉባችሁን ተጠንቀቁ

ከደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬ ስትገቡ በቀኝ በኩል ትናንት የተሰቀለ ትልቅ ቀይ ቢልቦርድ አለ። የእኛ የባትሪና የጎማ መደብር ነው፣ ገንዘቡም የእኛ ነው፣ ዲዛይኑ ግን የእኛ አይደለም። ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈው ቀብድ ልትከፍሉ እጃችሁን ኪሳችሁ የከተታችሁ ካላችሁ እንድትመልሱት ነው።

የሰዎቹን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ቀብዱ እስኪገባ ድረስ «ወንድሜ፣ ሥራችንን አይተህ ትፈርዳለህ» ይላሉ፣ ከገባ በኋላ «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ»። ድርጅቱን በስም አልጠራም፤ በዚህ መንገድ የሚሠራው አንድ ብቻ ስላልሆነ ስሙን ማወቁ ብዙም አይጠቅማችሁም። አሠራሩን ማወቁ ግን ይጠቅማችኋል።

የተስማማንበት ዲዛይን ይህ ነበር። ስፋቱ 8 ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር፣ መደቡ ቢጫ፣ ፊደሉ ጥቁር። በግራ በኩል ሲሶውን የያዘ አንድ የባትሪ ሥዕል። በቀኝ በኩል ከላይ «ባትሪ ደከመ?»፣ ከሥሩ «500 ሜትር» እና ወደ ቀኝ የሚጠቁም ቀስት፣ ከዚያ የመደብሩ ስም። በቃ። ስልክ የለም፣ የዕቃ ዝርዝር የለም፣ «ታማኝነት መለያችን» የለም። ወረቀቱ ላይ ሁለታችንም ፈርመናል፣ የእነሱ ማህተምም አለበት።

ትናንት ሠራተኞቹ ብረቱ ላይ ወጥተው የተጠቀለለውን ፍሌክስ ከላይ አስረው ወደ ታች መልቀቅ ጀመሩ። መጀመሪያ መታየት የነበረበት ቢጫ ነው። የመጣው ቀይ ነበር። የሌላ ደንበኛ ጥቅል ተሳስተው ያመጡ መስሎኝ «ቆይ፣ ቆይ!» እያልኩ ነበር የመደብሩ ስም ብቅ ያለው፣ በሰማያዊ ፊደል፣ ከጀርባው ቢጫ ጥላ ተደርጎለት። ጥቅሉ ሲወርድ «የመኪና ባትሪ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ዘይት፣ ፍሬን ሸራ በጅምላና በችርቻሮ» መጣ። ከዚያ «በጥራታችን ይተማመኑ»። ከዚያ ሦስት ስልክ ቁጥር በአንድ መስመር። ከዚያ አድራሻ፣ ከእነ «ፊት ለፊት» እና «አለፍ ብሎ»። መጨረሻ ላይ በቀኝ ጥግ የራሳቸው ስልክ ቁጥር ወጣ፤ ከእኛዎቹ ይተልቃል!

ኃላፊውን ደውዬ ስጠይቀው የመለሰው ይህ ነው፦ «የከፈላችሁት በካሬ ነው፣ ግማሹን ባዶ ልትተዉት ነው እንዴ? ዲዛይነራችን አሻሻለላችሁ።» ሹፌር እንዴት አድርጎ ነው ይህን ሁሉ የሚያነበው ስለው ሳቀ። «አቦ፣ ድሬ ነው፤ ማን ይቸኩላል? ያልጨረሰ ሲመለስ ያነበዋል።» በፈረምነው መሠረት ድጋሚ አትሙልን ስንል የ32 ካሬውን ሙሉ ሒሳብ እንደ አዲስ ጠየቀን።

እሺ፣ ሹፌሩ ምን ያህል ጊዜ እንዳለው እንቁጠር። እዚያ ቦታ ቢልቦርዱ ከኩርባው ሲወጡ ነው የሚታየው፣ ርቀቱ 80 ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ከኩርባው እስከ ሰሌዳው ስድስት ሰከንድ አይሞላም። የመጨረሻዋ 20 ሜትር አትቆጠርም፤ ሰሌዳው ከጎንና ከላይ ስለሚሆን ለማንበብ አንገት ማዞር ይጠይቃል። የቀረው አራት ሰከንድ ነው። ሹፌሩ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው፣ ፊቱ ፍሬን የያዘ ከባድ መኪና አለ፣ ከጎኑ ባጃጅ። ዓይኑን ከመንገዱ የሚያነሳው ቢበዛ ለሁለት ሰከንድ ነው፣ እሱንም ከፋፍሎ። በሁለት ሰከንድ አራት ወይም አምስት አጭር ቃል ያነብባል። እነዚህ ያሳተሙት ከሠላሳ በላይ ነው።

ከውጭ የመጣውን «ከሰባት ቃል አይብለጥ» የሚል ደንብ ይዘው የሚከራከሩም አሉ። ለአማርኛ ብቻውን አይበቃም። «ለመኪናዎቻችሁ» ሲቆጠር አንድ ቃል ነው፣ ሲነበብ ግን ስምንት ፊደል ነው። እኔ ቃልም ፊደልም እቆጥራለሁ፤ በጠቅላላው ከሃያ ፊደል ካለፈ አንድ ነገር መውጣት አለበት። የድሬ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ አንባቢው አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ቋንቋ እንጻፍ ካልን የየአንዳንዱ ፊደል ያንሳል፣ ማንም ሳያነብ ያልፋል። የባትሪው ሥዕል፣ 500 የሚለው ቁጥርና ቀስቱ የገቡት ለዚህ ነበር፤ አማርኛ ባያነብም ይገባዋል። ያወጡብን እነዚህን ሦስቱን ነው።

የፊደል ቁመትም እንደዚሁ ነው። በዚህ ሙያ የሚሠራበት ልክ ለእያንዳንዱ 10 ሜትር ርቀት 8 ሴንቲሜትር ያህል የፊደል ቁመት ነው። ለ80 ሜትር 64 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ እኛ 65 ብለን ነበር። አሁን በተሰቀለው ላይ ስልክ ቁጥሮቹን በሜትር ለካናቸው፣ 18 ሴንቲሜትር ናቸው። ያ ማለት በቅጡ የሚነበቡት ከ22 ሜትር ላይ ነው፣ ሹፌሩ ሰሌዳውን ሊያልፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ሲቀረው። የአድራሻው ፊደል 9 ሴንቲሜትር ነው። እሱን መኪና አቁሞ፣ ወርዶ፣ ተጠግቶ የሚያነብ ይኑር አይኑር ኃላፊውን ጠይቁት።

ጥላውን ሳላነሳ አላልፍም፣ ከሁሉም ያበሳጨኝ እሱ ነው። የግዕዝ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትናንሽ ቅጥያዎች ላይ ነው። ቱ እና ቲ የሚለያዩት አንዲት ጭረት መሃል ወይም እግር ላይ በመሆኗ ነው። በ እና ሰ በአናታቸው ቅርጽ ብቻ ይለያያሉ። ጠ እና መ ውስጣቸው ክፍተት አለ፣ ክፍተቱ ከተደፈነ ከሩቅ ጥቁር ጉብታ ናቸው። ከጀርባ ጥላ ስታደርጉ ጥላው የሚገባው በትክክል እነዚያ ክፍተቶች ውስጥ ነው። በጣም የወፈረ ፊደል መምረጥም ይህንኑ ያደርጋል። ጉልህ ሆኖ ውስጡ አየር ያለው፣ ያለ ጥላ፣ ያለ ዙሪያ መስመር፣ በፊደላቱም መሃል ሰፋ ያለ ርቀት ያለው ይሁን። ኮምፒውተር ላይ ቀለል ብሎ ይታያችኋል፣ ግድ የለም።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም መፈተኑ ቀላል ነው። ሰሌዳውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ቢጫ ላይ ያለ ጥቁር ፊደል እንዳለ ይቀራል። ቀዩና ሰማያዊው ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ስሙ ይጠፋል። ዓይን ከሩቅ ቀድሞ የሚይዘው የብርሃንና የጨለማ ልዩነትን ነው እንጂ የቀለሙን ዓይነት አይደለም፣ ስለዚህ «ደማቅ ነው» የሚለው መልስ መልስ አይደለም። ሁለቱም ደማቅ ናቸው፣ አብረው ሲሆኑ ግን ተያይዘው ይሰጥማሉ። የድሬ ፀሐይም አለ። ማተሚያው ቀይ የሚያወጣው ማጀንታንና ቢጫን ደርቦ ነው፣ በፀሐይ ቶሎ የሚለቁት ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ቀዩ መደብ ደብዝዞ ሮዝ ሲመስል እናየዋለን። ቢጫ መደብም ይለቃል፣ ግን ላዩ ላይ ያለው ጥቁር ስለሚቆይ ጽሑፉ ይነበባል።

ሌላው ስፌቱ ነው። የተለመደው የፍሌክስ ማተሚያ ስፋቱ 3.2 ሜትር ስለሆነ 4 ሜትር ቁመት ያለው ሥራ ከሁለት ቁራጭ ይጋጠማል። እኛ መገጣጠሚያው በሁለት መስመሮች መሃል ባዶ ቦታ ላይ እንዲውል ቀድመን አስምረንበት ነበር። እነሱ ቦታ ሁሉ በጽሑፍ ስለሞላ ስፌቱ በስልክ ቁጥሮቹ ወገብ ላይ አልፏል። 3 ይሁን 8 መለየት አይቻልም፤ የላይኛውና የታችኛው ግማሽ በጣት ውፍረት ተዛንፏል።

ይህን ሁሉ ከመታተሙ በፊት የሚያጋልጥ ነገር ደግሞ አለ፣ የሚፈጀውም አንድ ወረቀት ነው። ቢሮ ጠርተው ዲዛይን የሚያሳዩአችሁ በኮምፒውተር ነው። ግማሽ ሜትር ስፋት ያለውን ስክሪን ከግማሽ ሜትር ርቀት ማየት ማለት 8 ሜትሩን ሰሌዳ 8 ሜትር ላይ ቆሞ እንደማየት ነው። እዚያ ሁሉም ነገር ይነበባል፣ አድራሻው እንኳን። «ኧረ ያምራል» ብላችሁ የምትፈርሙት እዚያ ላይ ነው። በምትኩ ዲዛይኑን በኤ4 ወረቀት ላይ 20 ሴንቲሜትር ስፋት አድርጋችሁ አሳትሙና ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ 2 ሜትር ራቁ። ያ በትክክል 8 ሜትሩን ሰሌዳ ከ80 ሜትር ማየት ነው። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ለሁለት ሰከንድ አሳይታችሁ ሸፍኑትና ምን አነበብክ በሉት። የእኛ የመጀመሪያው ዲዛይን እዚያ ወረቀት ላይ ፊደሉ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ያልፋል። አሁን የተሰቀለው አድራሻ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው።

ልትዋዋሉ ከሆነ «8 በ 4፣ ከነሰቀላው» የሚል ውል አትቀበሉ፣ የሚሸጡላችሁ ካሬ ብቻ ነው ማለት ነውና። የጸደቀው ዲዛይን ተያይዞ ይፈረምበት፣ የትንሹ ፊደል ቁመት በሴንቲሜትር ይጻፍ፣ ያልጸደቀ ፊደልም ሆነ የአታሚው ስልክ ቢገባ በራሳቸው ወጪ ድጋሚ እንደሚያትሙ ይጠቀስ። ቀሪውን ክፍያ ፍሌክሱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳታዩ አትስጡ፤ ብረት ላይ ከወጣ በኋላ የማውረጃም ያስከፍሏችኋል።